ትንሽ ሆቴል ውስጥ ሌሊት እሳት ቢነሳ ማን ምን ያደርጋል?

ባሕር ዳር ላይ ሆቴል የከፈተ ወዳጅ ሁሉ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እሳት ማጥፊያ ስንት ልግዛ?» መልሱን ከታች ጽፌዋለሁ። ግን ሁልጊዜ እኔም ቀድሜ የምጠይቀው አለኝ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሆቴላችሁ ውስጥ ነቅቶ ያለው ማነው? ቀን 15 ሠራተኛ የሚሯሯጥበት ቤት ሌሊት በሁለት ወይም በሦስት ሰው ነው የሚያድረው። እንግዳው ተኝቷል፣ ቤቱን አያውቀውም፣ መብራት ደግሞ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ዕቅዱን ለሌሊት ሥሩት። ለሌሊት የሚሠራ ዕቅድ ቀን አያቅተውም፤ ለቀን የተሠራው ግን ሌሊት ጉድ ያደርጋችኋል።

እንዲገባችሁ እኔ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ የሠራሁበትን ቤት እንደ ምሳሌ ልውሰደው። ጂ ፕላስ 3 ነው። ምድር ላይ ሪሴፕሽን፣ ምግብ ቤትና ወጥ ቤት አለ። ከላይ በየፎቁ 7 ክፍል፣ በድምሩ 21 ክፍል። መሃል ላይ አንድ ዋና ደረጃ፣ ከኋላ ደግሞ ለልብስ ማጠቢያው የተሠራ ጠባብ የብረት ደረጃ። ጓሮው እስከ ጣና ዳር ይወርዳል። ሌሊት የሚያድሩት ሦስት ናቸው፦ ሪሴፕሽኗ፣ ጥበቃውና አንድ ተረኛ አስተናጋጅ።

የሚያስፈልጋችሁ

- 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ፦ በየፎቁ አንድ፣ ከወጥ ቤቱ በር ውጭ አንድ፣ ጄኔሬተሩ ጋ አንድ። ለእኛ ቤት ስድስት ማለት ነው።
- ለወጥ ቤት የእሳት ብርድ ልብስ፣ ከመጥበሻው ድስት ጋር የሚገጥም የብረት ክዳንም።
- እርስ በርስ የተገናኙ የጭስ ጠቋሚዎች፣ ለወጥ ቤት ደግሞ ሙቀት ጠቋሚ።
- ያለ መብራት የሚሠራ ነገር፦ የእጅ ደወል፣ ፊሽካ ወይም በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ።
- መብራት ሲጠፋ በራሳቸው የሚበሩ ቻርጅ የሚደረጉ መብራቶች፣ ለደረጃውና ለኮሪደሩ።
- በጨለማ የሚያበሩ የመውጫ ምልክቶች።
- ሦስት የእጅ ባትሪ፣ የማስተር ቁልፍ ቅጂ፣ የእንግዳ ዝርዝር መያዣ ፎልደር።
- ሰዓት መያዣ ያለው ስልክና አንድ ደብተር።

1. ሁለቱንም መውጫ በእግራችሁ ሂዱበት

ማታ ሂዱ፣ መብራት አጥፉ፣ በእጅ ባትሪ ብቻ ከ3ኛ ፎቅ የመጨረሻ ክፍል ተነስታችሁ እስከ ውጭ ውጡ። አንዴ በዋናው ደረጃ፣ አንዴ በኋላው። ወረቀት ላይ የማይታይ ነገር ሁሉ እዚያ ይታያችኋል። እኛ ስንሞክረው የብረት ደረጃው መጨረሻ ላይ ያረጀ ፍሪጅ ቆሞ ነበር። በሩ ደግሞ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው፣ ጥበቃው ዋናው በር ላይ ነው።

ሁለት መውጫ የሚያስፈልገው በጭሱ ምክንያት ነው። እሳት በአብዛኛው ሰው የሚገድለው በነበልባል ሳይሆን በጭስ ነው። ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ክፍት ደረጃ ደግሞ ለጭስ እንደ ጭስ ማውጫ ነው። ምድር ላይ የተነሳ እሳት ምድር ላይ ገና ትንሽ ሳለ 3ኛ ፎቅን በጭስ ሊሞላው ይችላል። ዋናው ደረጃ ሲዘጋ ያለው ሁለተኛው ብቻ ነው።

የኋላውን በር ጓጉንቸር አንሱለት። ገንዘብ ካላችሁ ከውስጥ ሲገፋ የሚከፈት የብረት ዘንግ አስገጥሙ፤ ከሌላችሁ ከውስጥ ብቻ የሚሠራ መቀርቀሪያ ይበቃል። ሌባ ከውጭ አይከፍተውም፣ እንግዳ ከውስጥ ያለ ቁልፍ ይከፍተዋል። በሩም ወደ ውጭ ይከፈት። የተደናገጠ ሰው በሩ ላይ ሲደገፍ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ጭራሽ አይከፈትም።

ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ የሌለው ቤት ካላችሁ፣ የትኛውንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት መሐንዲስ ጠርታችሁ የውጭ ደረጃ ማሠራት ነው ያለባችሁ። እሱ እስኪሠራ የላይኛውን ፎቅ ለእንግዳ አትስጡት።

2. ወጥ ቤቱን ከደረጃው ለዩት

ባሕር ዳር ላይ ዓሣ የማይጠበስበት ሆቴል የለም። ሙሉ ዓሣ በጥልቅ ዘይት ይጠበሳል፣ ዘይቱ ምድጃ ላይ እንዳለ ሰው ይጠራል፣ አብሳዩ «መጣሁ» ብሎ ይወጣል። የእሳቱ ዋና መነሻ ይህ ነው።

የወጥ ቤቱ በር በራሱ የሚዘጋ ይሁን፣ ሁልጊዜም ይዘጋ። የተዘጋ በር ጭሱን ይይዝላችኋል፤ ያ ጊዜ እንግዳ የምታወርዱበት ጊዜ ነው። በየቤቱ የማየው ግን በሩ ሳህን ለማመላለስ እንዲመች በቢራ ሳጥን ተደግፎ ቀኑን ሙሉ ክፍት መዋሉን ነው። ሳጥኑን አንሱት።

ዘይት ሲቀጣጠል ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ጋዙን ዝጉ፣ ክዳኑን ወይም የእሳት ብርድ ልብሱን ቀስ ብላችሁ ከእናንተ ወደ ወዲያ እያለበሳችሁ ክደኑት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱት። ቶሎ ከተከፈተ አየር ያገኝና እንደገና ይያያዛል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዘይት ላይ ውኃ አታፍስሱ። ውኃው ከዘይቱ በታች ወርዶ ወዲያው ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ የሚነደውን ዘይት ወደ ላይ ይረጨዋል። ድስቱንም ይዛችሁ ወደ ውጭ አትሩጡ። የዱቄት ማጥፊያም ከቅርብ ከተረጨ ዘይቱን ሊበትነው ይችላል።

የጋዝ ሲሊንደሩ ከቤት ውጭ፣ ቀጥ ብሎ፣ አየር በሚያገኝበት ይቀመጥ። የምንጠቀምበት ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፣ ጉድጓድና ቦይ ውስጥ ይገባል። ጎማውንና መግጠሚያውን በየሳምንቱ በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ አረፋ ከተነፋ ያፈሳል። ማታ የመጨረሻው አብሳይ ሲሊንደሩን ዘግቶ ደብተር ላይ ይፈርም፣ ጥበቃው ደግሞ 5 ሰዓት ላይ በእጁ ነክቶ ያረጋግጥ። የጋዝ ሽታ ከመጣ መብራት አታብሩም፣ አታጠፉም፤ በርና መስኮት ከፍታችሁ ውጡ።

ሌላም አለ፤ የቡናው ቦታ። ቄጠማው ጠዋት ርጥብ ነው፣ ማታ ደርቋል። ከሰሉ ምድጃ ውስጥ ያለ ቢመስልም ፍሙ ለሰዓታት ይቆያል። ምድጃው ሸክላ ወይም ብረት ትሪ ላይ ይቀመጥ፤ ማታ ፍሙን ውኃ አፍስሳችሁበት ውጭ በብረት ባልዲ አውጡት። ቄጠማውን ሳትጠርጉ አትዝጉ።

3. ማንቂያው እንግዳውን ራሱ ይቀስቅሰው

ብዙዎች «ሠራተኛ በር እያንኳኳ ይቀሰቅሳል» ይሉኛል። እስቲ አብረን እንቁጠረው። አንድ በር አንኳኩቶ፣ መልስ ሰምቶ ወደ ቀጣዩ ለመሄድ ቢያንስ 10 ሰከንድ ይፈጃል። 7 ክፍል 70 ሰከንድ። ሦስት ፎቅ ሦስት ደቂቃ ተኩል። ደረጃ መውጣቱን አልቆጠርኩትም፣ «ማነው?» እያለ የሚያቆማችሁንም እንግዳ አልቆጠርኩትም። ከአምስት ደቂቃ ያልፋል። ያ ሁሉ ጊዜ የላችሁም።

ስለዚህ የመቀስቀሱ ሥራ የማንቂያው ነው፤ የሰው ሥራ ያልተነሳውን ማረጋገጥ ነው። ጭስ ጠቋሚዎቹ እርስ በርስ የተገናኙ ይሁኑ፤ አንዱ ሲጮህ ሁሉም ይጩኹ። ለብቻው የሚጮኽ ጠቋሚ የልብስ መጋዘን ውስጥ ቢጮኽ 3ኛ ፎቅ የተኛ ሰው አይሰማውም። በየኮሪደሩ ጣሪያ፣ በደረጃው ጫፍ፣ በልብስ መጋዘኑና በየክፍሉ አድርጉ። ገንዘብ ካጠረ ከኮሪደሩ፣ ከደረጃውና ከመጋዘኑ ጀምሩ። በባትሪም የሚሠሩ ይሁኑ፤ መብራት ሲጠፋ ዝም የሚል ማንቂያ ለኛ ከተማ አይሆንም።

ወጥ ቤት ውስጥ ጭስ ጠቋሚ አታድርጉ፣ ሙቀት ጠቋሚ ነው የሚሆነው። ዕጣን የሚጨስበትም አካባቢ አይሰቀል። በከንቱ ሲጮኽባቸው ሠራተኞች መፍትሔ ያበጁለታል። አንድ ቤት ገብቼ ቀና ስል የሪሴፕሽኑ ጠቋሚ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሮ አየሁ። ልጅቷን አልተቆጣኋትም፤ በቀን ሦስቴ ቡና እየተፈላ ሦስቴ ሲጮኽባት ምን ታድርግ። ቦታው ነበር የተሳሳተው፤ ከቡናው ራቅ አድርገን ኮሪደሩ ላይ ሰቀልነው።

በወር አንዴ መሞከሪያ ቁልፉን ተጭናችሁ አዳምጡ። እናንተ ምድር ላይ ስትጫኑ አንድ ሰው 3ኛ ፎቅ ክፍል ውስጥ በር ዘግቶ ይስማ። ፈተናው እሱ ነው።

4. ለሌሊቱ ሦስት ሰው ሥራ ስጡ

ይህን በትልቅ ፊደል ጽፋችሁ ከሪሴፕሽኑ ጠረጴዛ ውስጥ በኩል ለጥፉት። ስም አትጻፉ፣ የሥራ መደብ ጻፉ፤ ሰው ይቀያየራል።

ሪሴፕሽን፦ ከቦታዋ አትነሳም። ማንቂያውን ትጫናለች፣ እሳት አደጋ ትደውላለች፣ ከዚያ ለክፍሎቹ ትደውላለች። መጀመሪያ እሳቱ ላለበት ፎቅ፣ ቀጥሎ ከእሱ በላይ ላሉት፣ መጨረሻ ከታች ላሉት። ጭሱ ወደ ላይ ስለሚሄድ ነው። ጭስ ወደ ሪሴፕሽኑ ከመጣ የእንግዳ ዝርዝሩን ይዛ ትወጣና ከውጭ በሞባይል መደወሏን ትቀጥላለች።

ተረኛ አስተናጋጅ፦ የእጅ ባትሪና ማስተር ቁልፍ ይዞ እሳቱ ወዳለበት ፎቅ ይወጣል፣ በር እየደበደበ «እሳት! በኋላው ደረጃ ውጡ!» ይላል። ደረጃው ላይ ጭስ ካየ ግን አይወጣም። ይህን ሳታቅማሙ ንገሩት። ጭስ ውስጥ የገባ ሠራተኛ ሁለተኛ ተጎጂ ነው የሚሆነው።

ጥበቃ፦ የኋላውን በር ይከፍታል፣ ከዚያ ዋናውን የግቢ በር ሁለቱንም ክንፍ ይከፍታል፣ በሩ ላይ የቆመ ባጃጅና መኪና ያስነሳል፣ አስፋልት ላይ ቆሞ የእሳት አደጋ መኪናውን ይመራል። ወደ ውስጥ የሚመለስ እንግዳ ካለም አያስገባም።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ደጋግሞ ይፈጸማል። ጥበቃው እሳት ሲያይ ሮጦ ቆጣሪውን ያጠፋል። እንግዳው ገና ደረጃ ላይ ነው፣ ጨለማ ይውጠዋል። መጀመሪያ የወጥ ቤቱ ብሬከር ብቻ ይጥፋ፤ ዋናው የሚጠፋው ሰው ከወጣ በኋላ ነው። ጄኔሬተሩ በራሱ የሚነሳ ከሆነ እሱም አብሮ ይጥፋ፣ አለዚያ መስመሩን መልሶ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል።

ስለ ስልክ ቁጥሩ፦ 939 የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ነው። እናንተ የባሕር ዳሩን ጣቢያ ቀጥታ ቁጥር በአካል ሄዳችሁ ውሰዱ፣ ደውላችሁ ሞክሩት፣ ስልኩ ጎን ለጥፉት። ከሥሩ ሪሴፕሽኗ የምታነበውን ዓረፍተ ነገር ጻፉላት፦ የሆቴሉ ስም፣ ቀበሌ፣ በአቅራቢያው ያለ የታወቀ ምልክት፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ስንት ሰው ውስጥ እንዳለ። የደነገጠ ሰው የራሱን ሠፈር መናገር ያቅተዋል።

5. እሳት ማጥፊያውን በትክክል ስቀሉ፣ ልኩንም እወቁ

መውጫው አጠገብ ስቀሉት እንጂ የኮሪደሩ ጥግ ላይ አይሁን። ማጥፊያ ፍለጋ ወደ መውጫው የሄደ ሰው እሳቱን ባይችለው መንገዱ ከኋላው ክፍት ነው። ጥግ ላይ ከሆነ እሳቱ መሃል ገብቶ መውጫውን ይዘጋበታል።

አጠቃቀሙ፦ ፒኑን ንቀሉ፣ አፉን ወደ እሳቱ ሥር አነጣጥሩ፣ መያዣውን ጨምቁ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየጠረጋችሁ እርጩ። ነበልባሉን ሳይሆን ሥሩን። 6 ኪሎው የሚረጨው ከ20 ሰከንድ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ልኩ ይህ ነው፦ እሳቱ የቆሻሻ ቅርጫት ያህል ከሆነና መውጫው ከኋላችሁ ከሆነ ሞክሩ። አንድ ማጥፊያ ካልበቃው በር ዘግታችሁ ውጡ።

በየወሩ መርፌው አረንጓዴው ላይ መሆኑን እዩ። ዱቄቱ ታች ስለሚረጋ ገልበጥ አድርጋችሁ ነቅንቁት። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም ካላችሁ፣ እሱ መርፌ የለውም፤ ሙሉነቱ የሚታወቀው ሲመዘን ነው።

6. ምልክቱን ዝቅ አድርጉ

የመውጫ ምልክት አረንጓዴ ነው፣ የእሳት ማጥፊያ ምልክት ቀይ። ከበሩ በላይ አንድ ስቀሉ፤ ሌላውን ግን ከወለሉ ጉልበት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ። ጭስ ከላይ ጀምሮ ስለሚሞላ ላይ ያለው ምልክት ቀድሞ ይሰወራል፣ ሰው ደግሞ አጎንብሶ ነው የሚሄደው። በጨለማ የሚያበራው ዓይነት ቀን ብርሃን ካልጠጣ ሌሊት አያበራም፤ ሁልጊዜ ጨለማ የሆነ ኮሪደር ላይ በባትሪ የሚበራውን አድርጉ።

በየክፍሉ በር ጀርባ ላይ የፎቁን ካርታ ለጥፉ፦ «እዚህ ነዎት» የሚል ነጥብና ወደ ሁለቱ መውጫዎች የሚያመለክት ቀስት። ከሥሩ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይህን ጻፉ፦

«ደወል ሲሰሙ ቁልፍዎን ይዘው ይውጡ። በሩን ዘግተው ይሂዱ። በሩን ከመክፈትዎ በፊት በእጅዎ ጀርባ ይንኩት፤ ከሞቀ አይክፈቱት። ኮሪደሩ በጭስ ከተሞላ ክፍልዎ ውስጥ ይቆዩ፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ ይድፈኑ፣ ለሪሴፕሽን ደውለው የክፍል ቁጥርዎን ይንገሩ፣ በመስኮት ይታዩ።»

ካርታው በትክክለኛው አቅጣጫ መለጠፉን አንድ በአንድ አረጋግጡ። የ201 ካርታ ለ207 ከተለጠፈ ግራና ቀኙ ይገለበጣል።

7. መሰብሰቢያው ሐይቁ ዳር አይሁን

ጣና ዳር ያለ ሆቴል ሁሉ የሚመርጠው የጓሮውን መስክ ነው። ሰፊ ነው፣ ያምራል። ግን ሁለት ችግር አለው። ከጓሮው የሚያስወጣው መንገድ ብዙ ጊዜ በሕንፃው ጎን የሚያልፈው ብቻ ስለሆነ ሰው በእሳትና በውኃ መሃል ይቀራል። ደግሞ ቀን ከሐይቁ ወደ የብስ የሚነፍሰው ነፋስ ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ ይገለበጣል፤ ጭሱ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። እኛ ከግቢው ውጭ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ያለውን የዘንባባ ሥር መረጥን። ከኋላው ደረጃ የሚወርዱት በግቢው ግድግዳ ላይ ባስከፈትነው ትንሽ በር ይወጣሉ።

እዚያ ቆጠራ ይደረጋል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ሪሴፕሽኗ የእንግዳ ዝርዝሩን ፎቶ አንስታ በሠራተኞቹ ቴሌግራም ላይ ትላክ፣ ወረቀቱን ፎልደሩ ውስጥ ታስቀምጥ። በየስሙ ጎን ክፍል፣ የሰው ብዛትና ሞባይል ይኑር። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ጆሮው የማይሰማ ካለ ምልክት ይደረግበት። ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ አዛውንቶች ሲመጡ 1ኛ ፎቅ ስጧቸው፤ ሲመዘገቡ የሚደረግ ቀላል ነገር ነው።

8. ልምምድ አድርጉ

በሦስት ወር አንዴ፣ ለየሌሊት ተረኛው ቡድን። አዲስ ሠራተኛ ከገባ በመጀመሪያው ሳምንት። ክረምት እንግዳ ሲቀንስ ጥሩ ጊዜ ነው። እንግዳ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ለእሳት አደጋም ለጎረቤትም ንገሩ።

አምስት ሠራተኛ እንግዳ ይሁኑ። አንዱ 3ኛ ፎቅ ይተኛ፣ አንዱ በር አይክፈት፣ አንዷ «ቦርሳዬን ረሳሁ» ብላ ትመለስ። ዋናው ደረጃ ላይ ቀይ ጨርቅ ዘርጉ፤ ጨርቁ ጭስ ነው፣ ማንም አያልፍበትም። ደወሉ ሲጮኽ ሰዓት ያዙ፣ የመጨረሻው ሰው ተቆጥሮ ሲያልቅ አቁሙ።

የእኛ የመጀመሪያ ልምምድ 9 ደቂቃ ፈጀ። ጥበቃው ጋሼ መጀመሪያ ወደ ዋናው በር ሮጠ፣ የኋላው በር 4 ደቂቃ ተዘግቶ ቆየ። ሪሴፕሽኗ ደንግጣ ወደ ላይ ወጣች፣ ስልኩ ጋ ሰው አልነበረም። ማንንም አልወቀስንም፣ ቅደም ተከተሉን ነው የቀየርነው፦ ጥበቃው መጀመሪያ ኋላ፣ ቀጥሎ ፊት። ሪሴፕሽኗ ወንበሯ ላይ «አልነሳም» የሚል ወረቀት ለጠፍንላት። ሁለተኛው 6 ደቂቃ ሆነ። የቀረውን ጊዜ የበላው ቆጠራው ነበር፤ ዝርዝሩ በክፍል ሳይሆን በስም ተራ ነበር የተጻፈው፣ ሰው ደግሞ ክፍሉን እንጂ ስሙ የት እንዳለ አያውቅም። በፎቅ ከፋፍለን ጻፍነው። ሦስተኛው ከ4 ደቂቃ በታች ገባ።

ከልምምዱ በኋላ ወዲያው ደብተሩ ላይ ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ፣ ምን ተበላሸ፣ ማን እስከ መቼ ያስተካክላል። ከዚያ ማንቂያውን ወደ ቦታው መልሱ፣ ማስተር ቁልፉን ስቀሉ፣ የእጅ ባትሪዎቹን ቻርጅ ላይ አድርጉ፣ የኋላው በር መቀርቀሪያ መመለሱንና ጓጉንቸር አለመደረጉን አንድ ሰው ሄዶ በዓይኑ ይይ። እኛ ቤት ሁለተኛው ልምምድ ባለቀ ማግስት ጓጉንቸሩ ተመልሶ በሩ ላይ ነበር።